ላጲሱን አስቀምጡት፤ የሒሳብ የስህተት መዝገብ አያያዝ

በዛሬው የትምህርት ዓምድ ስለ ሒሳብ የስህተት መዝገብ አቀርብላችኋለሁ። የስህተት መዝገብ ማለት የተሳሳተ ጥያቄ ከነአሠራሩ የሚጻፍበትና ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚለይበት ደብተር ነው። በእኛ የጥናት ቡድን አምስት ልጆች አለን፤ ያለን ደብተር ግን አንድ ባለ 50 ሉክ ብቻ ነው። የምጽፈው እኔ ነኝ። የተመረጥኩት ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው እንጂ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ አንዳንዶቻችሁ እንደዚያ እንዳታስቡ ብዬ ነው።

ሁለት ደንብ አለን። አንደኛው፣ ስም አይጻፍም። ስም ከተጻፈ ማንም ደብተሩን አያመጣም። ሁለተኛው፣ በላጲስ ማጥፋት የለም። መምህር "ኤክስ" ሲያደርግብን አብዛኞቻችን የምናደርገውን ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ አጥፍተን ከጥቁር ሰሌዳ ትክክለኛውን እንገለብጣለን። ደብተሩ ያምራል። ግን የጠፋው ነገር እኮ ያ ልጅ ምን አስቦ እንደነበር የሚያሳየው ብቸኛ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የተሠራው እንዳለ፣ እያንዳንዱ መስመር ሳይቀር ወደ መዝገቡ ይገባል። ትክክለኛው መልስ ከሥር ይጻፋል፤ ነገር ግን እሱ ዋናው አይደለም።

የስህተቱን ዓይነት በአራት እንከፍላለን። መጀመሪያ ላይ ስምንት ነበሩ፤ ሲበዙብን በየትኛው እንጻፈው እያልን መጨቃጨቅ ሆነ። አሁን ያሉት የንባብ፣ የሕግ፣ የእጅ እና የማጠናቀቅ ናቸው። የንባብ የሚባለው ጥያቄው የጠየቀውን ሳይረዱ ሌላ ነገር መሥራት ነው። የሕግ የሚባለው ለዚያ ጥያቄ የማይሆን አሠራር መጠቀም ነው። የእጅ የሚባለው እያወቁ መሳት ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት የደብረ ታቦር ብርድ ጣት ሲያደነዝዝ የተጻፈ 7 ቁጥር ወደ ታች ሲወርድ 1 ሆኖ ይገለበጣል። የማጠናቀቅ የሚባለው ደግሞ እስከ መጨረሻው አካባቢ በትክክል ሠርቶ የመጨረሻውን እርምጃ መተው ነው።

ከአራቱ በጣም የሚያታልለው የቱ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የቡድናችን አንዷ ልጅ ስሟን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። በፈተና እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ "አንድ አውቶቡስ ከደብረ ታቦር ከጠዋቱ 2:45 ተነሥቶ ባሕር ዳር 5:20 ቢደርስ በመንገድ ላይ ምን ያህል ጊዜ ቆየ?" እሷ የጻፈችው እንዲህ ነው፦

5:20 − 2:45 = 2:75

2 ሰዓት ከ75 ደቂቃ ማለቷ ነው። መልሱ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። ሁላችንም አየነውና "ቸኩለሽ ነው" አልናት። በመዝገቡም "የእጅ" ተብሎ ተጻፈ። ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ቶሎ ስለምትጨርስ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚነገራት "ተጠንቀቂ፣ አትቸኩዪ" የሚል ነው። እሷም ራሷ "እኔ እኮ ችኩል ነኝ" ማለት ጀምራ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ እያየች ሠራች። 8:10 − 6:30 = 1:80 ብላ መጣች። ቀስ ማለቱ ምንም አልጠቀማትም።

የመዝገብ ጥቅም እዚህ ላይ ታየ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጻፉ አንድ ነገር ይመሳሰላል። ትክክለኛው መልስ በመጀመሪያው 2:35፣ በሁለተኛው 1:40 ነው። በሁለቱም የተሳሳተው መልስ በትክክል በ40 ደቂቃ ይበልጣል። የእጅ ስህተት እንደዚህ አይደለም፤ አንድ ቀን በ3፣ ሌላ ቀን በ10 ይስታል እንጂ ሁልጊዜ በ40 ብቻ አይስትም። በተመሳሳይ ቁጥር የሚስት ስህተት ውስጡ ሕግ አለው ማለት ነው።

40 ከየት መጣ? 100 ሲቀነስ 60 ነው። ልጅቷ ከ20 ላይ 45 መቀነስ ሲያቅታት ከ5 ሰዓቱ አንዱን ትበደርና 100 አድርጋ ታመጣዋለች፤ 120 ሲቀነስ 45፣ 75 ይሆናል። አንድ ሰዓት ግን 60 ደቂቃ ስለሆነ ማምጣት የነበረባት 60 ነው፤ 80 ሲቀነስ 45፣ 35።

"ታዲያ ለምን 100 አደረግሽው?" ብለን ስንጠይቃት የሰጠችን መልስ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። "5 ብር ከ20 ላይ 2 ብር ከ45 ብቀንስ ስንት ይሆናል?" አለችን። 2 ብር ከ75 ነው። ትክክል ናት! ከእናቷ ጋር ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት ስለምትሸጥ የብር መልስ በቃሏ ከሁላችንም በፊት ታወጣለች። ብር በ100 ሳንቲም፣ ኩንታል በ100 ኪሎ፣ ሜትር በ100 ሴንቲ ሜትር ይመነዘራል። በገበያ የምታውቀው ሁሉ በመቶ ነው። ሰዓት ብቻውን በ60 ነው፤ ሲጻፍ ደግሞ ከብሩ ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት ይመስላል። ስለዚህ አሠራሯ የተሳሳተ አሠራር አይደለም። ትክክለኛ አሠራር ነው፣ ግን ከቤቱ ወጥቶ ሰው ቤት የገባ።

ከዚያ ወዲህ በመዝገባችን ላይ "ከየት መጣ?" የሚል አምድ ጨመርን። የሕግ ስህተት ሲገኝ ያ አሠራር ትክክል የሚሆንበትን ቦታ ፈልገን እዚያ እንጽፋለን።

አሁን ደግሞ የእጅ ይሁን የሕግ እንዴት እንደሚለይ ልንገራችሁ። ልጁን "ጮክ ብለህ አንብበው" በሉት። የእጅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ላይ ሲደርስ "ውይ!" ብሎ ራሱ ያገኘዋል። የሕግ ከሆነ እስከ መጨረሻው ያነበዋል፣ ከዚያ "ልክ ነው እኮ፣ ምን ሆነ?" ይላል። ሌላው መንገድ መተንበይ ነው። አዲስ ጥያቄ ከመስጠታችሁ በፊት ልጁ የሚያመጣውን የተሳሳተ መልስ በደብተሩ ጀርባ ጻፉ። ለጓደኛችን 9:05 − 7:40 ሰጠናት፤ እኛ በስተጀርባ 1:65 ብለን ጽፈን ነበር፤ እሷም 1:65 ብላ አመጣች። ቀጥለን 4:50 − 2:20 ሰጠናት። እዚህ መበደር ስለሌለ ትክክል ትሠራዋለች ብለን ጻፍን፤ 2:30 ብላ በትክክል ሠራችው። ትንቢቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከያዘ "የእጅ" የሚለውን ሰርዛችሁ "የሕግ" ብላችሁ ጻፉ። እኛም ያንን ሰርዘናል። እሷም ችኩል አለመሆኗን በጽሑፍ አየችው፤ ለቤተሰቧ ልታሳይ ደብተሩን አንድ ቀን ወስዳው አድራለች።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 2:75 ሲታይ ያስታውቃል፤ 75 ደቂቃ ተብሎ አይጻፍምና። 6:00 − 3:50 ግን በእሷ አሠራር 2:50 ይሆናል። ይሄ ምንም አያስታውቅም፤ ደህና መልስ ይመስላል። ትክክለኛው 2:10 ነው። "መልሴን ደምሬ አረጋግጣለሁ" ብትል ደግሞ የባሰ ነው፤ ደቂቃውን በ100 እየቆጠረች 3:50 እና 2:50 ስትደምር 6:00 ይመጣላታል። የተሳሳተው ሕግ ራሱን ልክ ነህ ይለዋል። ስለዚህ ማረጋገጫው ሌላ መንገድ መሆን አለበት። እኛ የምናረጋግጠው ወደ ፊት በመቁጠር ነው፤ ከ3:50 እስከ 4:00 ድረስ 10 ደቂቃ፣ ከ4:00 እስከ 6:00 ድረስ 2 ሰዓት፣ በቃ 2 ሰዓት ከ10። የአውቶቡሱንም ሞክሩት፤ ከ2:45 እስከ 3:00 ድረስ 15 ደቂቃ፣ እስከ 5:00 ድረስ 2 ሰዓት፣ እስከ 5:20 ድረስ 20 ደቂቃ። 2 ሰዓት ከ35 ይመጣል፤ መበደር የሚባል ነገር የለበትም።

ማስተካከያውስ? ሃምሳ ጥያቄ ማሠራት አይደለም። ሁለት ነጥቡን ትተን በፊደል እንድትጽፍ አደረግን፤ "ሰ" ለሰዓት፣ "ደ" ለደቂቃ።

5ሰ 20ደ = 4ሰ 80ደ
4ሰ 80ደ − 2ሰ 45ደ = 2ሰ 35ደ

በዚያው ቀን ሁሉንም አገኘች። እኛም ተደሰትን፣ መዝገቡ ላይ "ተስተካክሏል" ብለን ልንጽፍ ነበር። መምህራችን ግን "ሳምንት ጠብቁና ቀላቅላችሁ ስጧት" አሉን። ሳምንት ቆይተን የሰዓትና የብር ጥያቄ ደባልቀን ሰጠናት። ሰዓቱን አገኘችው። 7 ብር ከ10 ላይ 3 ብር ከ50 ቀንሺ ሲባል ግን 3 ብር ከ20 አለች! አሁን ደግሞ ብሩን በ60 መነዘረችው። ልዩነቱን እዩት፤ ትክክለኛው 3 ብር ከ60 ነው፣ አሁንም በ40 ሳተች። ገበያ ላይ እንዲህ ብታደርጊ እናትሽ ምን ይሉሽ ነበር ብለን ስንቀልድባት እሷም ስቃ ሞተች። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ አንድ ዓይነት ብቻ ተደርድሮ ሲሠራ ልጁ ሕጉን ሳይመርጥ ይሠራል አሉን። በፈተና ላይ ደግሞ ጥያቄው ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በመዝገቡ የመጨረሻው አምድ መፈተኛ ጥያቄ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ከቤቱ ሕግ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጥ።

ይሄው "ከየት መጣ?" የሚለው አምድ በክፍልፋይም አገልግሎናል። ብዙ ተማሪ እንዲህ ይጽፋል፦

1/2 + 1/3 = 2/5

ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት መደመር ነው። ስህተት መሆኑን ያለ ምንም ሕግ ማየት ይቻላል፤ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ጨምረህ ከግማሽ ያነሰ አይመጣም። ትክክለኛው 5/6 ነው፤ 3/6 እና 2/6።

ግን ልጆች ይሄን ከየት ያመጡታል? የቡድናችን አንድ ልጅ ከማባዛት የመጣ ነው አለ፤ በማባዛት ላዕል በላዕል፣ ታህት በታህት ነውና። ይሄ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ሌላ የበለጠ ቤት ያለው ይመስለኛል፣ እሱም የፈተና ውጤታችን ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ፈተና ከ10 ሰባት፣ በቤት ሥራ ከ5 አራት ቢያመጣ መምህሩ 7/10 እና 4/5 ብለው ይጽፉና ድምሩን 11/15 ያደርጉታል። ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት! እናም ልክ ናቸው፣ ከ15 ጥያቄ 11 መልሷል። ክፍልፋዮቹን እንደ ክፍልፋይ ብንደምራቸው ግን 7/10 ሲደመር 8/10 ነው፤ 15/10 ይሆናል፣ ከሙሉው የሚበልጥ። ለውጤት ይሄ ትርጉም የለውም። ውጤት ሲደመር የጥያቄውም ብዛት አብሮ ይጨምራል፤ እንጀራው ላይ ግን እንጀራው ያው አንድ ነው። ይሄን ሳይለዩ "ታህት አይደመርም" ብሎ መሸምደድ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው። ውጤታችን በየጊዜው ፊት ለፊታችን እየተደመረ ነዋ።

ወደ ንባብ ስህተት ልለፍ። እዚህ ላይ መምህራችን ያስተማሩንን ዘዴ እንጠቀማለን። ዘዴው አን ኒውማን ከተባሉ አውስትራሊያዊት ተመራማሪ የመጣ ነው፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1977 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በጽሑፍ የሒሳብ ጥያቄ ላይ የሚሠሩትን ስህተት ያጠኑ ናቸው። ልጁን በተርታ አምስት ነገር ትጠይቁታላችሁ፦ ጥያቄውን አንብብልኝ፤ የሚጠይቀውን በራስህ ቃል ንገረኝ፤ በምን መንገድ ትሠራዋለህ፤ እያሳየኸኝ ሥራው፤ መልሱን ጻፈው። ዋናው ነገር ልጁ መጀመሪያ የተሰናከለበት ቦታ ላይ ማቆም ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተከታትሎ ስለሚበላሽ ስለ ስህተቱ አይነግራችሁም።

በዚህ የሞከርነው ጥያቄ ይሄ ነው፦ "አንድ የጉና አካባቢ ገበሬ 5 ኩንታል ድንች አመረተ። 30 በመቶውን ለዘር አስቀምጦ የቀረውን ሸጠ። ስንት ኪሎ ሸጠ?" ሁለት ልጆች 150 ኪሎ ብለው መለሱ። 5 ኩንታል 500 ኪሎ ነው፣ 30 በመቶው 150 ነው፤ ስሌቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን 350 ኪሎ ነበር። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት "ኤክስ" ተደርጎባቸዋል። ስንጠይቃቸው ግን የመጀመሪያው "የሚጠይቀው 30 በመቶው ስንት እንደሆነ ነው" አለ። ሁለተኛው ነገር ላይ ተሰናከለ ማለት ነው፤ የንባብ ነው። ሌላኛው "የሸጠውን ነው፤ መጀመሪያ የዘሩን አወጣለሁ፣ ከዚያ እቀንሳለሁ" አለ። እስከ አራተኛው ድረስ ደህና መጣ፤ 150 ሲያገኝ ደስ ብሎት አቆመ። የማጠናቀቅ ነው። አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ፣ ሁለት ዓይነት ስህተት። የመጀመሪያው ልጅ ቁጥር ከመንካቱ በፊት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በራሱ ቃል እንዲጽፍ እናደርጋለን። ሁለተኛው ገና ሳይጀምር "የተሸጠው = ____ ኪሎ" ብሎ ባዶ ቦታ እንዲያስቀምጥ ነው፤ መጨረሻ ላይ 150ን እዚያ ሊያስገባ ሲል ቃሉ ያስቆመዋል።

መዝገቡ የማይሠራበትም ቦታ አለ። በምርጫ ጥያቄ "ለ"ን ብቻ ያከበበ ልጅ አሠራር ስላልጻፈ ዓይነቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የምርጫ ጥያቄ ስንሠራም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሠራሩን እንጽፋለን፤ በሚመጣው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስላለብን ከአሁኑ እየለመድነው ነው። ባዶ የተተወ ጥያቄም አይመደብም። ሌላው ችግር ሁሉንም ስህተት መመዝገብ ነው፤ ያታክታል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል። እኛ በሳምንት ከሦስት አናስበልጥም። "የእጅ" የሚለው አምድ ደግሞ ቆሻሻ መጣያ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ለማሰብ የሰነፈ ሁሉ እዚያ ይጥላል። እኛ ዘንድ ባለቤቱ ራሱ ጮክ ብሎ አንብቦ ያላገኘው ስህተት "የእጅ" ተብሎ አይጻፍም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ሁለት ተማሪዎች የሠሩትን እነሆ፤ ዓይነቱን ለዩ፣ ሕጉ ከየት እንደመጣም ጻፉ።

የመጀመሪያው ተማሪ ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን ምረጥ ተብሎ ከ0.45 እና ከ0.6፣ 0.45ን መረጠ፤ ከ0.7 እና ከ0.52፣ 0.52ን መረጠ፤ ከ0.5 እና ከ0.75 ደግሞ 0.75ን መረጠ። ሦስተኛውን አግኝቷል፤ ግን በትክክለኛው መንገድ ነው ያገኘው? ከ0.8 እና ከ0.125 የትኛውን የሚመርጥ ይመስላችኋል?

ሁለተኛዋ ተማሪ −8 + 5 = −13፣ −6 + 2 = −8፣ −3 + (−4) = −7 ብላ ሠራች። የመጨረሻው ትክክል ነው። −9 + 9 ስትባል ምን ትላለች?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን አስገቡ። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ አሠራራችሁን ግን በላጲስ እንዳታጠፉ።